ያልፈረሙት ዘመዶች፦ በዝምድና ከተሳሰሩ ትናንሽ ማኅበረሰቦች የተገኘ የጂኖም መረጃን ስለ ማጋራት



ንግግሬን በአንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ እጀምራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። በኖቬምበር 27 ቀን 2003 የአይስላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንዲት ወጣት ባቀረበችው አቤቱታ ላይ ውሳኔ ሰጠ። ወጣቷ የጠየቀችው ቀደም ሲል የሞተው አባቷ የሕክምና መዝገብ ወደ አንድ አገር አቀፍ የጤና መረጃ ቋት እንዳይገባ ነበር። አባትየው በሕይወት ሳለ «እንቢ» አላለም፤ «እሺ»ም አላለም። ጥያቄው ልጅቱ በዚህ ጉዳይ ምን አገባት የሚል ነበር።

የነገሩ መነሻ በዲሴምበር 1998 የአገሪቱ ምክር ቤት ያጸደቀው ሕግ ነው። ሕጉ የመላውን ሕዝብ የሕክምና መዝገብ በአንድ ቋት ለመሰብሰብ ይፈቅዳል፤ ቋቱን የመገንባትና የመጠቀም ፈቃድም በኋላ ዲኮድ ለሚባል ኩባንያ ተሰጠ። የፈቃድ አጠያየቁ ከተለመደው በተቃራኒ ነበር። ሰው ዝም ካለ እንደ ፈቀደ ይቆጠራል፤ ያልፈለገ ግን ቅጽ ሞልቶ ራሱን ማስወጣት ይችላል። ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች ራሳቸውን አስወጥተዋል፤ ይህም ከሕዝቡ ሰባት በመቶ ገደማ ነው። ሙታን ግን ቅጽ አይሞሉም። ወጣቷ ስለ አባቷ ልትሞላ ስትሞክር ተከለከለች፤ ጉዳዩም ወደ ፍርድ ቤት አመራ።

ፍርድ ቤቱ የሰጠው ምክንያት ለዛሬው ርእሳችን ቁልፍ ነው። ወጣቷ በአባቷ ስም ወይም በአባቷ እግር ተተክታ መብት ልትጠይቅ እንደማትችል ገለጸ። ነገር ግን ከአባቷ መዝገብ ስለ ውርስ ባሕርያቱ የሚታወቀው ነገር ስለ እርሷም ሊነገር ስለሚችል፣ በራሷ ስም መብት አላት አለ። ከዚያም አልፎ የሕጉን የምስጢር አጠባበቅ መረመረ። ሕጉ የመታወቂያ ቁጥሮችን በምስጢራዊ ኮድ እንዲሸፈኑ ያዛል። ሆኖም ዕድሜ፣ የመኖሪያ አካባቢ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የትምህርት ደረጃና የበሽታው ዓይነት ሲገጣጠሙ የሰውየውን ማንነት ለማወቅ ሊበቁ እንደሚችሉ፣ ሕጉም ለዚህ በቂ አጥር እንዳላኖረ አመለከተ። ቋቱ በመጨረሻ ሳይገነባ ቀረ።

ከዚህ ውሳኔ ሁለት ነገሮችን ይዘን እንቀጥላለን። አንደኛው፣ የአንድ ሰው የዘረመል መረጃ የዘመዱም መረጃ ነው። ሁለተኛው፣ ስምን መሸፈን ማንነትን መሸፈን አይደለም። ሁለቱም በትልቅ ከተማ ውስጥ ከተለያየ ቦታ ከተውጣጡ ሰዎች ይልቅ በዝምድና በተሳሰረ ትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ እጅግ ይጠነክራሉ። ለምን እንደሆነ በቀላል ስሌት ላሳያችሁ።

በአይስላንድ ከሺህ ሰዎች ወደ ሰባት የሚጠጉት በብራካ ሁለት ዘረመል ላይ አንድ የታወቀ ለውጥ ይሸከማሉ። ከዘረመሉ አምስት ፊደላት የተገደፉበት ለውጥ ነው፤ በሴቶች የጡት፣ በወንዶች ደግሞ የፕሮስቴት ካንሰርን ዕድል በእጅጉ ያሳድጋል። በአገሪቱ የሚገኙት ተሸካሚዎች ለውጡን የወረሱት ከአንድ ጥንታዊ ቅድመ አያት ነው ተብሎ ይታመናል። እንግዲህ በምንም ጥናት ያልተሳተፈች አንዲት ሴት አስቡ። ስለ እርሷ ምንም ሳናውቅ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ከሺህ ሰባት ነው። የአጎቷ ልጅ በጥናት ተሳትፋ ተሸካሚ ሆና ብትገኝና ለውጡ በሁለቱ የጋራ አያቶች በኩል የመጣ መሆኑ ቢታወቅ፣ የሴትየዋ ዕድል ወደ ሩብ ይዘላል። እኅቷ ተሸካሚ ብትሆን ግማሽ ይሆናል። አሁን ደግሞ ልጇ በጥናቱ ተሳተፈ፣ የልጁም አባት ተሳተፈ እንበል። ልጁ ለውጡን ይዟል፤ አባትየው የለውም። ልጁ ከእናቱ በቀር ለውጡን የሚያገኝበት ሌላ መንገድ የለምና የሴትየዋ ውጤት ታወቀ። ዕድሉ አሁን አንድ ነው ማለት ይቻላል። ደም አልሰጠችም፤ ቅጽ አልፈረመችም፤ ምናልባትም ጥናት መኖሩን አልሰማችም። ባሏና ልጇ ግን ሁለቱም በትክክል ተጠይቀው፣ ተረድተው፣ በፈቃዳቸው ፈርመዋል። በሂደቱ ውስጥ ጥፋተኛ የሚባል ሰው የለም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ዘዴ ጥቂት መናገር ግድ ይላል። በ2015 የዲኮድ ተመራማሪዎች የ2,636 አይስላንዳውያንን ሙሉ ጂኖም ማንበባቸውንና ከዚያ ተነሥተው የሌሎች 104,220 ሰዎችን ጂኖም በስሌት መሙላታቸውን አሳተሙ። የእነዚህ ሰዎች ጂኖም ሙሉ በሙሉ አልተነበበም፤ የተነበቡት ተመርጠው የታወቁ የተወሰኑ ነጥቦች ብቻ ናቸው። ይህ የሚሠራበት ምክንያት ዝምድና ነው። ሁለት ዘመዳሞች ከአንድ ቅድመ አያት የወረሱት የክሮሞዞም ክፍል ረጅምና ያልተቆራረጠ ነው። የአንዱ ክፍል ሙሉ በሙሉ ከተነበበ፣ በሌላው ላይ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ሲመሳሰሉ የተቀረው ክፍል ምን እንደሚመስል መናገር ይቻላል። የትውልድ ሐረግ መዝገብ ሲጨመርበት ደግሞ አንድም ነጥብ ስላልተነበበላቸው የቅርብ ዘመዶች እንኳ ግምት መስጠት ይቻላል። ማኅበረሰቡ ይበልጥ በተዛመደ ቁጥር ጥቂት ፈራሚዎች ስለ ብዙ ያልፈረሙ ሰዎች ይናገራሉ።

ኩባንያው ይህን የዘመዶች ግምት ከሆስፒታል መዝገብ ጋር ለማገናኘት ፈልጎ በ2013 የአገሪቱን የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ጠየቀ። ባለሥልጣኑ ፈቃድ ካልሰጡ ሰዎች ጋር የተያያዘ ነው በማለት ከለከለ። በእኔ አመለካከት ይህ ክልከላ ትክክል ነበር። በስሌት የተገኘ ውጤት በደም ናሙና ከተገኘ ውጤት የሚለየው በእርግጠኝነቱ መጠን ነው፤ ስለ ሰውየው የሚናገረው ግን ያንኑ ነገር ነው። «እኛ አልመረመርናትም፤ አሰላን እንጂ» የሚለው መከራከሪያ ቀደም ሲል ላየናት እናት ምን ይጠቅማታል?

ይሁንና ክልከላው ሌላ ከባድ ጥያቄ ጥሎ አለፈ። ተመራማሪዎቹ የካንሰሩን ለውጥ የሚሸከሙ ሰዎችን በኮድ ለይተው ማወቅ የሚችሉ ነበሩ፤ ኮዱን ፈትቶ ለባለቤቶቹ መንገር ደግሞ ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። ሆኖም ሰዎቹ እንዲነገራቸው አልጠየቁም፤ ያለማወቅ መብትም አላቸው። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በ2018 ራሱ የሚፈልግ ሰው ጠይቆ የራሱን ውጤት የሚያውቅበት ድረ ገጽ ተከፈተ። ጠያቂዋ ራሷ ናት፤ መልሱም ለእርሷ ነው። ግን አንዲት ሴት ጠይቃ «ተሸካሚ ነሽ» ከተባለች፣ እኅቷ ሳትጠይቅ ዕድሏ ግማሽ መሆኑን ከእራት ማዕድ ላይ ልትሰማ ትችላለች። በቤተሰብ ውስጥ የሚሄደውን ወሬ የሚገዛ ደንብ ያወጣ አገር አላውቅም፤ ማውጣትም ያለበት አይመስለኝም።

እስካሁን የተናገርኩት መረጃው በአንድ ተቋም ውስጥ ሳለ ስለሚሆነው ነው። ዛሬ ግን የምርምር ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶችና መጽሔቶች የጂኖም መረጃ ለሌሎች ተመራማሪዎች እንዲጋራ ይጠይቃሉ። ይህ በመርኅ ደረጃ የምደግፈው ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ የተሰጠ ደም ብዙ ጥያቄ ይመልሳልና። በሚጋራበት ጊዜ ግን ተሳታፊው የሚሰማው ማረጋገጫ በአብዛኛው አንድ ነው፤ «ስምዎ ይወገዳል» ይባላል።

ስም ቢወገድም ምን እንደሚቀር በ2013 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት አሳይቷል። በአሜሪካ የዩታ ግዛት የሚኖሩ ትላልቅ ቤተሰቦች በ1980ዎቹ ለዘረመል ጥናት ደም ሰጥተው ነበር፤ የአንዳንዶቹም ጂኖም ስሙ ተወግዶ በይፋ ተለቀቀ። አጥኚዎቹ ከወንዶቹ ጂኖም የዋይ ክሮሞዞምን ምልክቶች አወጡ። ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል፤ በአሜሪካ የቤተሰብ ስምም እንዲሁ ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል። ሰዎች የዘር ሐረጋቸውን ለማወቅ ሲሉ የዋይ ምልክታቸውን ከቤተሰብ ስማቸው ጋር በሚያስገቡባቸው ክፍት ድረ ገጾች ምልክቶቹን ፈለጉና የቤተሰብ ስም አገኙ። ዕድሜና የመኖሪያ ግዛት ሲጨመር ስሙ ወደ አንድ ሰው ጠበበ። ከዚያ የቤተሰቡ ሐረግ ራሱ ይፋ ስለ ነበር አንዱ ሲታወቅ እናት፣ አባት፣ እኅት፣ ወንድም ተከታትለው ታወቁ። በዚህ መንገድ የወደ ሃምሳ ሰዎች ማንነት ተገለጠ። አጥኚዎቹ ስሞቹን አላተሙም። ቋቱን የሚያስተዳድሩት ወገኖች ግን የዕድሜን መረጃ ከክፍት ገጽ አነሡ። ልብ በሉ፤ ማንም የኮምፒዩተር በር አልሰበረም፤ የተጠቀሙት በሙሉ ክፍት መረጃ ነበር።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ «እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ይህ አይነካንም» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፤ እኛ የምንጠራው በአባታችን ስም ነው፤ ስሙም በየትውልዱ ይለወጣል። የሚገርመው አይስላንዳውያንም እንዲሁ ናቸው፤ አብዛኞቹ በአባታቸው ስም ይጠራሉ። ስለዚህ የዩታው ዘዴ በቀጥታ አይሠራባቸውም። ይልቁንም የመላው ሕዝብ የትውልድ ሐረግ ተጽፎ ለዜጎች በድረ ገጽ ተከፍቷል። በእኛ አገር ደግሞ ሐረጉ የተጻፈው በሽማግሌዎች አእምሮ ነው። ሰባት ቤት ተቆጥሮ በሚጋባበት አካባቢ፣ ማን የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ፣ የትኛው ቤት ስንት ወንድና ስንት ሴት እንደ ወለደ፣ የትኛው ልጅ በሕፃንነቱ እንደ ሞተ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። በመጽሔት ላይ የታተመ የቤተሰብ ሐረግ ሥዕል ስም የለውም፤ አራት ማዕዘኑ ወንድ፣ ክቡ ሴት፣ የጠቆረው ታማሚ፣ የተሰረዘው ሟች ነው። ዘጠኝ ልጆች፣ ከእነርሱ ሦስተኛዋና ሰባተኛው ታማሚ፣ መንታ ሆነው የተወለዱ ሁለት፤ ይህን ለመንደሩ ሽማግሌ ያሳዩት እንደሆነ ሥዕሉን በስም ያነብልዎታል። ሥዕሉን አዛብቶ ማሳተም መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን የልጆቹን ቁጥርና ቅደም ተከተል የቀየረ ሰው ሌላው ተመራማሪ የውርስ አካሄዱን የሚያሰላበትን መረጃ አበላሽቷል። አስፈላጊ ያልሆነውን ቅርንጫፍ መተውና ይህንኑ በግልጽ መናገር ይሻላል።

ታዲያ የቤተሰቡን ሐረግ ባናጋራ፣ የእያንዳንዱን ሰው ጂኖም ብቻ ለየብቻ ብናጋራስ? ይህ ብዙ ጊዜ የሚቀርብ ሐሳብ ነው፤ በዝምድና ለተሳሰረ ማኅበረሰብ ግን አይሠራም፤ ሐረጉ በጂኖሙ ውስጥ ተጽፏልና። ወላጅና ልጅ በእያንዳንዱ ነጥብ ቢያንስ አንድ ቅጂ ይጋራሉ። እኅትና ወንድም በአማካይ ግማሹን ይጋራሉ፤ ከጂኖማቸው ሩብ በሚሆነው ላይ ሁለቱም ቅጂ አንድ ነው፤ በሌላው ሩብ ላይ አንዱም አይገጥምም። የአጎትና የአክስት ልጆች አንድ ስምንተኛ ይጋራሉ። ይህን የሚያሰሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፤ የአንድ መንደር መቶ ጂኖም ቢሰጣቸው የመንደሩን ሐረግ መልሰው ይሥላሉ።

መልሰው የሚሥሉት ሐረግ ደግሞ ሽማግሌው ከሚያውቀው ሊለይ ይችላል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አባት ተብሎ የተመዘገበው ሰው አባት አለመሆኑ በስሌቱ ይወጣል። የአንድ ሰው ሁለቱ የክሮሞዞም ቅጂዎች በረጃጅም ክፍሎች ላይ አንድ ሆነው ከተገኙ ወላጆቹ ዘመዳሞች መሆናቸው ይታወቃል፤ የአጎትና የአክስት ልጆች ተጋብተው በወለዱት ልጅ ይህ በአማካይ ከጂኖሙ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይሆናል። ዘመድ መጋባት በተለመደባቸው ማኅበረሰቦች ይህ ማንንም አያስደነግጥም። ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አካባቢ ግን የአንድ ቤተሰብ ክብር ጉዳይ ነው። ተሳታፊው ስለ እግሩ ወይም ስለ ዓይኑ በሽታ ደም ሲሰጥ ስለ እናቱ ጋብቻ መረጃ መስጠቱን ማንም አልነገረውም።

«እንግዲያው የግለሰቦችን ጂኖም ትተን የጠቅላላውን ቡድን አኀዝ ብቻ እናጋራ» የሚለው የመጨረሻው ምሽግ ነው። ማለትም እያንዳንዱ ለውጥ በቡድኑ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ተገኘ ብቻ ይገለጽ። በ2008 አንድ ጥናት ይህም እንደሚያፈስ አሳየ፤ የአንድን ሰው ጂኖም በእጁ የያዘ ሰው፣ ከብዙ ሺህ ነጥቦች ድግግሞሽ በመነሣት ሰውየው በቡድኑ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ሊያውቅ ይችላል። ቡድኑ የአንድ በሽታ ታማሚዎች ከሆነ መኖሩ ራሱ ምርመራ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በዚያው ዓመት እነዚህን አኀዞች ከክፍት ገጽ አነሡ። በ2018 ደግሞ አደጋው ለአብዛኛው ጥናት አነስተኛ ነው ብለው መልሰው ከፈቱ፤ ነገር ግን ተነጥለው በሚኖሩ ማኅበረሰቦች ላይ የተደረጉትን ወይም ለመገለል በሚዳርጉ ባሕርያት ላይ ያተኮሩትን ጥናቶች አስጊ ናቸው በሚል ከክፍት ገጽ ውጭ የማቆየት መንገድ ተዉ። ይህን ልዩነት በምሳሌ ማየት ቀላል ነው። ከአንድ ሸለቆ 40 ሰዎች ተመረመሩ እንበል። እያንዳንዱ ሁለት ቅጂ ስላለው በጠቅላላው 80 ቅጂ አለ። በሰንጠረዡ ላይ የአንድ ለውጥ ድግግሞሽ 0.0125 ተብሎ ቢጻፍ፣ ይህ ከ80 አንዱ ማለት ነው፤ እንግዲህ አንድ ሰው ነው። የቡድን አኀዝ መስሎ የወጣው ቁጥር የአንድ ሰው ውጤት ሆኖ ተገኘ። በአንድ ሺህ ሰዎች መካከል አንድ ቅጂ ተገኘ ቢባል ሰውየው በሺው ውስጥ ይደበቃል። በአርባዎቹ ውስጥ ግን ተሳታፊዎቹ ደም ሊሰጡ ተሰልፈው ሲቆሙ መንደሩ አይቷቸዋል።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። በወላይታና በሌሎች ደጋማ የቀይ አፈር አካባቢዎች በባዶ እግር በሚሄዱ ሰዎች ላይ የሚከሠት፣ ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት አለ። ትንኝ የሚያስተላልፈውን ማለቴ አይደለም፤ ሳይንሱ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ነው። በአንድ አፈር ላይ ከሚኖሩት መካከል አንዳንዶቹ ብቻ ለምን እንደሚታመሙ ለማወቅ በወላይታ የዘረመል ጥናት ተደርጎ፣ 194 ታማሚዎችን ከ203 ጤነኞች ጋር በማነጻጸር ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዘ የጂኖም ክፍል ድርሻ እንዳለው በ2012 ታተመ። እኔ በተለይ የማደንቀው ግን ከዚያ በፊት የተሠራውንና በ2009 የታተመውን ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ደም ከመውሰዳቸው አስቀድመው ሰዎቹ ስለ ፈቃድ ምን እንደሚያስቡ ጠየቁ። ያገኙት ነገር በፈቃድ ቅጽ ላይ የሌለ ነበር፤ ሰዎቹ የፈሩት የዘረመል ጥናቱ በሽታው በዘር የሚሄድ መሆኑን አጉልቶ በቤተሰባቸው ላይ ያለውን መገለል እንዳያባብስ ነበር። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ልጅ መዳርና ማጋባት ይቸግረዋልና፣ «የዘር በሽታ ነው» የሚል ወሬ በታማሚው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ጤነኛዋን እኅቱን ይከተላታል። ማለትም የወላይታ ገበሬዎች የአይስላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 የተናገረውን ነገር ያለ ጠበቃ ያውቁት ነበር።

ከዚህ የሚከተለው በሥራ ላይ ምን ይመስላል? የጥናት ሰነዶችን ስገመግም መጀመሪያ የምጠይቀው በጥናቱ ስለማይሳተፉት ሰዎች ነው። ተመራማሪው የሚሰበስባቸውን ሰዎች ሐረግ ወረቀት ላይ ይሣልና፣ ባልተሳተፉት ላይ ጣቱን እያስቀመጠ «ስለዚህች ሴት ምን ያህል አወቅሁ?» ብሎ ያስላ፤ እንደ ቅድሙ ስሌት ግማሽ፣ ሩብ ወይም እርግጠኛ ሊሆን ይችላል። ይህ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ውጤታቸው እርግጠኛ የሚሆንባቸው ሰዎች ካሉ ወይ ራሳቸው ይጠየቁ፣ ወይ ያንን ውጤት የሚያጋልጠው መረጃ ከሚጋራው ውስጥ ይውጣ። በሐረጉ ሥዕል ላይ ደግሞ ከመታተሙ በፊት ቀላል ፈተና አለ። ምስጢር ለመጠበቅ የፈረመ፣ በጥናቱ ቤተሰቦች ውስጥ የሌለ የአካባቢው ተወላጅ የጤና ባለሙያ ሥዕሉን ይመልከት። ቤተሰቡን ካወቀው ሌላውም ያውቀዋል።

የጂኖም ፋይሎቹን በተመለከተ፣ ከትንሽ ማኅበረሰብ የተገኙ ከሆኑ በክፍት ገጽ ላይ መለቀቅ የለባቸውም የሚል አቋም አለኝ። አመልካች ማንነቱንና የሚሠራውን ሥራ ገልጾ፣ ኮሚቴ አይቶት፣ ዝምድና መልሶ ላለማስላትና ሰው ለመለየት ላለመሞከር ፈርሞ ይውሰድ። በቡድን አኀዝ ሰንጠረዥ ላይም ከተወሰነ ቁጥር በታች የታዩ ለውጦች ተጠቃለው ይውጡ። እርግጥ ይህ ዋጋ አለው። ለበሽታ ፍለጋ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ያንን አንድ ቤተሰብ ብቻ የያዘው ብርቅ ለውጥ ነው፤ የምንደብቀውም እርሱን ነው። ኮሚቴውም ቀርፋፋ ሊሆን ይችላል፤ ፊርማም የማይታመንን ሰው አያስርም። ይሁን እንጂ የፈረመ ሰው ቢያጠፋ የሚጠየቅበት ወረቀት አለ፤ ከክፍት ገጽ የወሰደ ሰው ግን ማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

የፈቃዱ ቅጽ ራሱ ስለ ዘመዶች ቢያንስ አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ሊኖረው ይገባል። «በማንኛውም ጊዜ መውጣት ይችላሉ» የሚለው የተለመደ ቃል በቤተሰብ ጥናት ውስጥ ሲነበብ ከሚፈጸመው በላይ ቃል ይገባል። አንዲት ልጅ ብትወጣና እናትና አባቷ ቢቀሩ፣ ሁለቱም ወላጆች ሁለት ተመሳሳይ ቅጂ በያዙባቸው ነጥቦች ሁሉ የእርሷ ውጤት በእርግጠኝነት እዚያው ቀርቷል፤ በሌሎቹ ነጥቦችም ዕድሉ ይታወቃል። ቀደም ብሎ ለሌሎች የተላከ ፋይል ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ በቅጹ ላይ የምናገረው ይህ ነው፦ «ከወጡ የእርስዎን ናሙናና ፋይል ከእኛ ዘንድ እናጠፋለን፤ አስቀድሞ የተላከውን ማስመለስ አንችልም፤ ዘመዶችዎ ከቀጠሉ ስለ እርስዎ በከፊል የሚታወቅ ነገር ይኖራል።» በአማርኛም ሆነ በሌላው ቋንቋችን ለማስረዳት ከባድ አይደለም። «ደምህ ስለ ወንድምህም ይናገራል» ሲባል የማይገባው የገጠር ሰው አላጋጠመኝም።

ያልተፈታው ጥያቄ ዘመዶች ሲለያዩ ነው። አባት ይሳተፋል፤ ሴት ልጁ አይሆንም ትላለች። በአይስላንድ ፍርድ ቤቱ ለልጅቱ ፈረደ፤ ግን አባትየው ሞቷል፤ የራሱንም ፈቃድ አልሰጠም ነበር። አባትየው በሕይወት ኖሮ «ደሙ የእኔ ነው፤ ሰጥቻለሁ» ቢልስ? አንድ ዘመድ ብቻውን ጥናቱን ሁሉ እንዲያስቆም ብንፈቅድ በተዛመደ ማኅበረሰብ ምንም ጥናት አይካሄድም፤ በብርቅ በሽታዎች ላይ ደግሞ መፍትሔ የሚገኘው ከእነዚህ ማኅበረሰቦች ነው። እኔ የደረስኩበት ሐሳብ አባትየው ይሳተፍ የሚል ነው፤ መረጃው ግን ለተጠየቀው ጥያቄ ብቻ ይዋል፣ በቡድን አኀዝም ቢሆን ከተቋሙ አይውጣ፣ ልጅቱም ይህ መደረጉን ትወቅ። በዚህ የማትስማሙ የሕግ መምህራን በመካከላችን እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ክርክራችሁን ከዚህ ነጥብ ብትጀምሩልኝ ደስ ይለኛል።